«ኮሚሽን አንወስድም» የሚል ደላላ ከየት ይበላል? የአክሲዮን ደላላ አመራረጥ፣ ደረጃ በደረጃ

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያከራየ ወይም መኪና የሸጠ ሰው የደላላን ጠባይ ያውቃል። ደላላው ከገዢም ከሻጭም ይቀበላል፤ ለሁለቱም «ላንተ ብዬ ነው የለፋሁት» ይላል። የሚያሠጋው ግን «ካንተ ምንም አልፈልግም» ያለ ቀን ነው፤ ያን ቀን ሌላኛው ወገን በደንብ ከፍሎታል ማለት ነው።

የአክሲዮን ደላላም ከዚህ ጠባይ ብዙ አልራቀም። የአጎቴ ልጅ ዳዊት ለገና ከቨርጂኒያ መጥቶ ሰንጋ ተራ ካለ ቡና ቤት ስንቀመጥ ስልኩን አወጣና የሁለት የአሜሪካ ደላሎችን ገጽ አሳየኝ። «ጋሼ፣ ይኼኛው ኮሚሽን የለውም። ያኛው ግን በአንድ አክሲዮን ግማሽ ሳንቲም ይቆርጣል፤ በትንሹ ደግሞ በአንድ ትዕዛዝ አንድ ዶላር። ይኼ ምርጫ ነው እንዴ?» አለኝ። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቼ የደላሎቻቸውን መግለጫ እየላኩ ያስነብቡኛል። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የሠራነውን ሥራ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የራስዎን ግብይት በወረቀት ያስፍሩ

ደላላ ከማወዳደርዎ በፊት በዓመቱ ውስጥ ምን ሊገዙ እንዳሰቡ ይጻፉ። ይህ ካልተጻፈ ሁሉም ደላላ ርካሽ ይመስላል። ዳዊት 10,000 ዶላር አለው። ከዚህ ውስጥ በ4,000 ዶላር ገደማ የአንድ ትንሽ ኩባንያ አክሲዮን መግዛት ይፈልጋል፤ ኩባንያውን በሥራው ምክንያት ያውቀዋል። የቀረውን 6,000 ዶላር ብዙ ኩባንያዎችን ባቀፈ አንድ ሰፊ ፈንድ ላይ በየወሩ 500 ዶላር እያደረገ በዓመት ሊያስገባ አስቧል። ያለ ብድር ይገዛል፣ አይነግድም፣ አክሲዮኑን ለዓመታት ይዞ ይቆያል።

ከዚያ ሙሉውን ወጪ ያስሉ

ኮሚሽን ከወጪው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ሌላውን ለማየት በባንክ ቤት የውጭ ምንዛሪ ሰሌዳ ላይ ያሉትን ሁለት ዓምዶች ያስታውሱ። አንዱ «መግዣ» ይላል፣ ሌላው «መሸጫ»፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት የባንኩ ነው። አክሲዮንም እንዲሁ ሁለት ዋጋ አለው። እርስዎ ሲገዙ ከፍ ያለውን ይከፍላሉ፣ ሲሸጡ ዝቅ ያለውን ይቀበላሉ። የልዩነቱን ግማሽ አንድ ጊዜ በገቡ ወይም በወጡ ቁጥር እንደ ወጪ ይቁጠሩት።

የዳዊት ፈንድ አንዱ ድርሻ 100 ዶላር ገደማ ነው እንበል፤ በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሳንቲም ነው። በ500 ዶላር አምስት ድርሻ ይገዛል። የልዩነቱ ግማሽ በአምስት ሲባዛ ሁለት ሳንቲም ተኩል፣ በዓመት 30 ሳንቲም ይሆናል። ኮሚሽን በሌለው ደላላ በኩል ወጪው እዚህ ላይ ያበቃል። በሁለተኛው ግን በየወሩ አንድ ዶላር ስለሚጨመር በዓመት 12 ዶላር ከ30 ሳንቲም ይመጣል። እስካሁን ዳዊት ትክክል ነው።

ትንሹ ኩባንያ ላይ ስንደርስ ነገሩ ተገለበጠ። የዚህ አክሲዮን ገዢዎች የሰጡት ከፍተኛ ዋጋ 3.96 ዶላር፣ ሻጮች የጠየቁት ዝቅተኛ ዋጋ 4.04 ዶላር ነው። ትክክለኛው መሐል 4 ዶላር ነው። አንድ ሺህ አክሲዮን «አሁን ባለው ዋጋ ግዛልኝ» ብሎ ቢያዝና ሙሉውን 4.04 ቢከፍል፣ ከመሐሉ 40 ዶላር በላይ ወጣ ማለት ነው። ይህ 40 ዶላር በየትኛውም ደረሰኝ ላይ «ክፍያ» ተብሎ አይጻፍም። ሁለተኛው ደላላ የተሻለ ዋጋ ፈልጎ በ4.02 ቢገዛለት፣ ብልጫው 20 ዶላር፣ ኮሚሽኑ 5 ዶላር፣ በድምሩ 25 ዶላር ነው።

ሁለቱን ግብይቶች ብንደምር የመጀመሪያው ደላላ ዓመታዊ ወጪ 40 ዶላር ከ30 ሳንቲም፣ የሁለተኛው 37 ዶላር ከ30 ሳንቲም ነው። ዳዊት ሁለት ሳምንት ያሰበበት ልዩነት ሦስት ዶላር ሆኖ ተገኘ፤ ማኪያቶ ከተጋበዝንበት ብዙ አይርቅም።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ይኸውም ሳይገዛበት ተቀምጦ የሚጠብቀው ጥሬ ገንዘብ ላይ። 6,000 ዶላሩ በየወሩ 500 እየቀነሰ ሲሄድ በአማካይ 3,000 ዶላር ገደማ ሂሳቡ ውስጥ ይተኛል። የመጀመሪያው ደላላ ለዚህ በዓመት 0.05 በመቶ ወለድ ይሰጣል፤ አንድ ዶላር ተኩል መሆኑ ነው። ያንኑ ገንዘብ በአጭር ጊዜ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነዶች ላይ በሚያውል ፈንድ ቢያስቀምጥ፣ በ3 በመቶ ሒሳብ 90 ዶላር ያገኛል። ብዙ ደላሎች ይህን ፈንድ ይሸጣሉ፤ ራስዎ ካልገዙት ግን ገንዘቡ ዝቅተኛው ወለድ ላይ ይቀራል፣ ልዩነቱም የደላላው ገቢ ይሆናል። ስለዚህ የዋጋ ዝርዝሩን ሲያነቡ ከኮሚሽኑ መስመር በፊት ላልዋለ ገንዘብ የሚከፈለውን ወለድ ይፈልጉ። ወለዱ የሚጀምረው ከስንት ዶላር በላይ እንደሆነም ይዩ። ሂሳቡን ወደ ሌላ ደላላ ለማዛወር ስንት እንደሚያስከፍል ደግሞ በእግረ መንገድዎ ያንብቡ፤ መግባት ነጻ ሆኖ መውጣት የሚያስከፍልበት ቤት ብዙ ነው።

ትዕዛዝዎ ወዴት እንደሚሄድ ይከታተሉ

አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ ደላሎች በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ኮሚሽናቸውን ወደ ዜሮ ሲያወርዱ ገቢያቸው አልጠፋም። ከገቢው አንዱ ክፍል የሚመጣው ትዕዛዝን ከመሸጥ ነው። እርስዎ «ግዛ» የሚለውን ሲነኩ ትዕዛዙ ወደ ኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ይሄዳል ብለው ያስቡ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን የሚሄደው እንደ ሲታደል ሴኩሪቲስና ቨርቹ ወዳሉ የጅምላ ነጋዴዎች ነው። ነጋዴው ከራሱ ክምችት ይሸጥልዎታል፤ ለደላላው ደግሞ ይህን ትዕዛዝ ስላመጣለት ይከፍለዋል። በብሪታንያ ይህ ዓይነቱ ክፍያ ተከልክሏል። በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን መገለጽ አለበት።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መፍረድ አያስፈልግም። የጅምላ ነጋዴው በገበያ ላይ ካለው መሸጫ ዋጋ አስበልጦ እንዲሸጥልዎ ሕጉ አይፈቅድለትም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ትንሽ ያሻሽላል። ጥያቄው ማሻሻያው ለማን ደረሰ የሚለው ነው። ነጋዴው ለመካፈል ዝግጁ የሆነው ገንዘብ ውስን ነውና ለደላላው ብዙ ከሄደ ለእርስዎ የሚደርሰው ይቀንሳል። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይና የልውውጥ ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ሮቢንሁድ በተባለው ደላላ ላይ ያወጣው ውሳኔ ነገሩን በቁጥር አሳይቷል። ደንበኞቹ ኮሚሽን ባለመክፈል ያዳኑት ታስቦ እንኳ፣ በመጥፎ ዋጋ ምክንያት በድምሩ 34.1 ሚሊዮን ዶላር እንደቀረባቸው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ገለጸ። ኩባንያው ክሱን ሳያምንም ሳይክድም 65 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

የእርስዎን ደላላ ለመመርመር ሁለት ወረቀት ይበቃል። አንደኛው በየሩብ ዓመቱ በይፋ የሚወጣው ሪፖርት ነው፤ በደላላው ድረ ገጽ ግርጌ ላይ `Rule 606` ብለው ቢፈልጉ ያገኙታል። ሠንጠረዡ የእያንዳንዱን ተቀባይ ስም፣ ከትዕዛዞቹ ስንት በመቶው ወደ እሱ እንደሄደና በየመቶ አክሲዮኑ ለደላላው ስንት ሳንቲም እንደተከፈለ ይናገራል። የመጨረሻዎቹ ዓምዶች `Net Payment` የሚሉ ናቸው። የዳዊት የመጀመሪያ ደላላ ለተራ አክሲዮን በየመቶው 20 ሳንቲም ይቀበላል። ይህ በአንድ ሺህ አክሲዮን ሁለት ዶላር ነው፤ እንግዲህ የ40 ዶላሩ ጉዳት ዋናው ምንጭ ይህ ክፍያ አይደለም ማለት ነው። ምንጩ ልዩነቱ በሰፋ አክሲዮን ላይ «አሁን ባለው ዋጋ ግዛ» ማለቱ ነው።

መድኃኒቱም ከደላላው ይልቅ በእጁ ያለ ነበር። ዋጋ ወስኖ ማዘዝ ይችላል፤ «ከ4 ዶላር በላይ አትግዛ» ይላል ማለት ነው። እንዲህ ሲያዝ ትዕዛዙ ላይፈጸም ይችላል፣ ሊጠብቅም ይችላል፤ ካሰበው በላይ ግን አይከፍልም። ቁጥሮቹን ከሠራን በኋላ ለዳዊት የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ትንንሽ ኩባንያዎችን በዚህ መንገድ ብቻ ይግዛ፣ ገበያው እንደተከፈተ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎችም አይንካቸው።

ሁለተኛው ወረቀት የራስዎ ነው። በአሜሪካ ሕግ ደንበኛው ከጠየቀ፣ ደላላው ባለፉት ስድስት ወራት የዚያን ደንበኛ ትዕዛዞች ወዴት እንደላካቸው መንገር አለበት። በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ በስንት ቀን እንደመጣና ሰው የጻፈው መልስ መሆኑን ያስተውሉ፤ ስለ ቤቱ አገልግሎት ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይነግርዎታል።

ፈቃዱን በንግድ ስም ሳይሆን በሕጋዊ ስም ይፈልጉ

በመተግበሪያው ላይ ያለው ደማቅ ስም የንግድ ስም ነው። ውል የሚገቡት ግን በስምምነቱ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል ከተጻፈው ድርጅት ጋር ነው። ያንን ስም ሳያዛቡ ይቅዱት። ለአሜሪካ ደላላ `BrokerCheck` በተባለው የሕዝብ መዝገብ ውስጥ ያስገቡት፤ የምዝገባውን ቁጥር፣ የተቀጣበትን ነገርና በግልግል የተፈረደበትን ያገኛሉ። አንዳንድ ደላሎች የደንበኛውን ሀብት ራሳቸው አይዙም፤ የሚይዝላቸው ሌላ ድርጅት አለ። የእሱንም ስም ይፈልጉ፤ ገንዘብዎ ያለው እሱ ዘንድ ነውና።

ይህን ደረጃ የምለጥጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የእህቴ ልጅ ፒያሳ አካባቢ በሚሠራ አንድ ወኪል አማካይነት በውጭ ምንዛሪ ንግድ «ሂሳብ» ከፍቶ ነበር። ብሩን ለወኪሉ በእጅ ሰጠ፣ በስልኩ ላይ ደግሞ ዶላር ታየው። የድርጅቱ ድረ ገጽ የለንደንና የቆጵሮስ ፈቃድ ቁጥሮችን በኩራት ይደረድራል። ቁጥሮቹም እውነተኛ ነበሩ። ስምምነቱን አውጥተን ስናነብ ግን እሱን የተቀበለው የዚያው ስም ሦስተኛ ድርጅት ነው፤ አድራሻው በሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ ደሴቶች። የዚያ አገር የፋይናንስ አገልግሎት ባለሥልጣን የውጭ ምንዛሪ ደላሎችን እንደማይፈቅድም እንደማይቆጣጠርም ራሱ በይፋ አስታውቋል። ልጁ ገንዘቡን ለማውጣት ሲጠይቅ «በመጀመሪያ የትርፍህን 15 በመቶ ግብር ክፈል» አሉት። እውነተኛ ደላላ የሚቆርጠው ነገር ካለ ከሂሳቡ ይቆርጣል፤ ገንዘብ ለማስወጣት አዲስ ገንዘብ ከተጠየቀ ቀድሞ የገባው የለም ብሎ ማሰብ ይበጃል። በእጅ በብር መሰብሰቡ ደግሞ ብቻውን ሊያስቆመን በተገባ ነበር። ከኢትዮጵያ የውጭ ምንዛሪ ወደ ውጭ የሚወጣው በባንክና በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነው፤ አቤት የሚባልበት ደረሰኝም አልነበረንም።

ደላላው ቢወድቅ ምን እንደሚተርፍዎ ይወቁ

ጥበቃው ሁለት እርከን አለው፤ ሰዎች የሚያውቁት ሁለተኛውን ብቻ ነው። የመጀመሪያው መለየት ነው። የአሜሪካ ደላላ የደንበኞችን አክሲዮንና ጥሬ ገንዘብ ከራሱ ሀብት ለይቶ መያዝ ግዴታው ነው። ይህ ከተጠበቀ ደላላው ቢከስር እንኳ አክሲዮንዎ በቦታው አለ፤ ወደ ሌላ ደላላ ይዛወራል። ሁለተኛው እርከን የሚሠራው መለየቱ ተጥሶ የሆነ ነገር ከጎደለ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. ሕግ የተቋቋመው የባለሀብቶች ጥበቃ ድርጅት በአንድ ደንበኛ እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል፤ ከዚህ ውስጥ ለጥሬ ገንዘብ እስከ 250,000። አሜሪካዊ መሆን አያስፈልግም። ደላላው አባል መሆኑን `sipc.org` ላይ በሕጋዊ ስሙ ይፈልጉ። በቆጵሮስ ተመሳሳዩ ሽፋን እስከ 20,000 ዩሮ ነው፤ ልዩነቱ የሚያሳስበው ብዙ ገንዘብ ያለውን ብቻ አይደለም፣ ሂሳቡ በየትኛው አገር ድርጅት እንደተከፈተ ሳያይ የገባውንም ነው።

ሽፋኑ የማይነካቸው አሉ። አክሲዮንዎ ዋጋው ቢወድቅ አይክስም። የውጭ ምንዛሪ ንግድን፣ የሸቀጦች የወደፊት ውልን ማለትም ዋጋው ዛሬ ተቆርጦ ወደፊት የሚፈጸም ግብይትን፣ አብዛኛውንም የክሪፕቶ ሀብት አይሸፍንም። ኤምኤፍ ግሎባል የተባለው ድርጅት በጥቅምት 2011 እ.ኤ.አ. ሲከስር ከደንበኞች ገንዘብ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ጎድሎ ተገኘ፤ ተለይቶ መቀመጥ የነበረበት ገንዘብ ለድርጅቱ ጉዳይ ውሎ ነበር። አብዛኞቹ የወደፊት ውል ነጋዴዎች ስለነበሩ ያ ሽፋን አልደረሰላቸውም። በመጨረሻ ገንዘባቸው ተመለሰ፤ ለዚያ ግን ዓመታት ጠበቁ።

እንግዲህ ሂሳብ ሲከፍቱ ሁለት ምልክት ማድረጊያ ሳጥኖችን ይጠንቀቁ። አንደኛው የሂሳቡ ዓይነት ነው። `Cash` የሚለውን ይምረጡ እንጂ `Margin` የሚለውን አይደለም። `Margin` የብድር ሂሳብ ነው፤ ከደላላው ተበድረው ከገዙ ደላላው ከብድርዎ 140 በመቶ ድረስ የሚያወጣ አክሲዮንዎን ለሌላ በመያዣነት ማስያዝ ይችላል። ሌላው ሳጥን «አክሲዮንህን እያከራየን ገቢ እናካፍልሃለን» የሚለው ነው። የተከራየ አክሲዮን በዚያ ሽፋን ላይጠበቅ ይችላል። የዳዊትን የመጀመሪያ ደላላ መተግበሪያ ስንከፍት ሁለቱም ሳጥኖች አስቀድመው ምልክት ተደርጎባቸው አገኘናቸው። አውራ ጣቱን ብቻ ነበር የሚጠብቁት።

ግብይቱ እዚሁ አዲስ አበባ ከሆነ

የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥራ መጀመሩ የተበሰረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በመጀመሪያ የተመዘገበውም ወጋገን ባንክ ነበር። ተቆጣጣሪው በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው፤ ያለ እሱ ፈቃድ የድለላ ሥራ መሥራት አይቻልም። የባንክ አክሲዮን በሰው በሰው አግኝተን ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን ስናስተላልፍ የኖርን ሰዎች ፈቃድ መጠየቅን እንደ ንቀት እንቆጥረዋለን። ይጠይቁ፤ በባለሥልጣኑ የፈቃድ ዝርዝር ውስጥ የደላላውን ሕጋዊ ስምና የተፈቀደለትን የሥራ ዓይነት ይፈልጉ። አማካሪ የመሆን ፈቃድ ገንዘብዎን ተቀብሎ የመገበያየት ፈቃድ አይደለም።

የትዕዛዝ መንገድ ጥያቄው እዚህ መልኩን ይቀይራል። ገበያው አንድ ስለሆነ «ወደ የትኛው ላክኸው» የሚባል የለም። የሚጠየቀው «ወደ ገበያው ልከኸዋል ወይስ ከራስህ ክምችት ሸጥህልኝ?» ተብሎ ነው። የባንክ ልጅ የሆኑ የኢንቨስትመንት ባንኮች በገበያው አሉና የእናት ባንኩን አክሲዮን ሲመክርዎ ጥቅሙ የት እንዳለ አስቀድሞ እንዲነግርዎ ይጠይቁ። የክፍያ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ የደላላው ድርሻ፣ የገበያው፣ የአክሲዮን ባለቤትነትን የሚመዘግበው የማዕከላዊ ግምጃ ቤቱ ተለያይተው ይቀመጡ። ገንዘብዎ የሚገባበት የባንክ ሂሳብ በማን ስም እንደሆነ ይዩ፤ የደንበኞች ተብሎ የተለየ ነው ወይስ የድርጅቱ የዕለት ወጪ የሚከፈልበት? ከግዢው በኋላም አክሲዮኑ በማዕከላዊ ግምጃ ቤቱ መዝገብ በራስዎ ስም መቀመጡን የሚያሳይ መግለጫ ሳይይዙ ሁለተኛ ክፍያ አይፈጽሙ።

በመጨረሻ ትንሽ ያስገቡና መልሰው ያውጡ

ሁሉም ነገር በወረቀት ላይ ካማረ በኋላ፣ ቢጠፋ የማያስለቅስዎትን ያህል ያስገቡ። አንድ ነገር ይግዙ፣ ይሽጡት፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ባንክ ሂሳብዎ መልሰው ያውጡ። ማስወጫውን የጠየቁበትን ቀንና ገንዘቡ የደረሰበትን ቀን ይጻፉ፤ የተቆረጠውን እያንዳንዱን ሳንቲም ከዋጋ ዝርዝሩ ጋር ያመሳክሩ። በግብይቱ ማረጋገጫ ላይ የተጻፈውን ዋጋ በዚያች ሰዓት ገበያው ከነበረበት ዋጋ ጋር ያስተያዩ።

ዳዊት በመጨረሻ ኮሚሽን የሌለውን መረጠ፤ ሳጥኖቹን አጥፍቶ፣ ያልዋለውን ገንዘብ በግምጃ ቤት ሰነዶች ፈንድ ላይ አድርጎ። ቨርጂኒያ ከተመለሰ በኋላ 200 ዶላር አስገብቶ አወጣ። ገንዘቡ በሦስተኛው የሥራ ቀን ባንኩ ገባ፤ ምንም አልተቆረጠበትም። ለትንሹ ኩባንያ በ4 ዶላር የሰጠው ትዕዛዝ ግን እስከዛሬ አልተፈጸመም። ይደውልልኝና «ጋሼ፣ ዋጋውን ላንሳው?» ይላል።